ቁልፍ የምታስረክቢውን ሰው ምን ብለሽ ትጠይቂዋለሽ?

«ጤና ይስጥልኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። እስካሁን ብቻዬን ነው የሠራሁት። አሁን ግን ዕቃ ለማምጣት ባሕር ዳር በሄድኩ ቁጥር ሱቁ ይዘጋል፣ ደንበኛም ይሸሸኛል። ሻጭ ልቀጥር ብዬ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፤ ስድስት ሰው ስልኩን ትቶልኛል። አንዱ የአክስቴ ጎረቤት ልጅ ነው። እኔ በሕይወቴ ሰው ለሥራ ጠይቄ አላውቅም። ገንዘብና ቁልፍ የማስረክበውን ሰው በአንድ ቀን ወሬ እንዴት አድርጌ ልወቀው?»

እህቴ፣ በወሬ አታውቂውም። «ታማኝ ነህ?» ብትዪ ስድስቱም «አዎ» ይሉሻል፤ ሌባ ካለባቸው እሱ ቀድሞ ይላል። ስለዚህ በዚያ ቀን የሰውየውን ልብ ለማየት አትድከሚ። ማየት የምትችዪው ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ ሥራውን ይችላል ወይስ ለመማር ዝግጁ ነው? ሁለተኛው፣ ገንዘብ እጁ ላይ ሲሆንና ደንበኛ ሲጨቀጭቀው ምን ያደርጋል? ሁለቱም የሚታዩት ጥቂት ወሬ ጠይቀሽ ብዙ ሥራ ስታሠሪው ነው። ታማኝነቱ ደግሞ የሚታወቀው ከተቀጠረ በኋላ፣ ማታ ማታ ሒሳብ አብራችሁ ስትቆጥሩ ነው። እሱን ለሙከራው ጊዜ ተዪው።

ማንንም ከመጥራትሽ በፊት አንድ ወረቀት ያዢና የሱቅሽን አንድ ቀን ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ ጻፊው። ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት፣ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ይላል እንበል። ይህ ስምንት ሰዓት ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ሲሆን 48 ሰዓት ይሞላል። ሕጉ ለመደበኛ ሥራ የሚፈቅደው ጣሪያም ይኸው ነው። ቀጥሎ በዚያ ቀን ውስጥ ሻጩ የሚሠራውን ጻፊ፤ ዕቃ ያሳያል፣ ሚስማር ይመዝናል፣ ይደምራል፣ ገንዘብ ይቀበላል፣ ዱቤ ይመዘግባል።

ይህ ወረቀት ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ራሱን ያስገርመዋል። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያላቸው ሰዎች «ጉልበት ያለው ወንድ ነው የምፈልገው» ይሉኛል። «ሲሚንቶውን ማን ነው የሚያወርደው?» እላቸዋለሁ። «ጫኝና አውራጆች» ይላሉ። እንግዲያው ሻጩ 50 ኪሎ ከረጢት የሚሸከምበት ምክንያት የለም፤ ግማሹን አመልካች በከንቱ ልትመልሺው ነበር ማለት ነው። አንቺም ያንን ወረቀት ካየሽ በኋላ ከስድስቱ ማን እንደሚቀር በስልክ መለየት ትችያለሽ። ሰዓቱንና ደመወዙን ንገሪያቸው። የማይስማማው ያኔውኑ ይቀራል። ሦስት ወይም አራት ሰው ከቀረሽ ይበቃል። ዕድሜም ጠይቂ፤ ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው፤ 18 ያልሞላው ደግሞ በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ መሥራት ስለሌለበት የአንቺ ሰዓት አይሆነውም።

ቦታው ራሱ ሱቁ ይሁን። «ካፌ እንገናኝ» አትበያቸው። ሚዛኑ፣ ካልኩሌተሩና ዕቃው ያለው ሱቅሽ ውስጥ ነው። የገበያ ቀን አይሁን፤ ደንበኛ እየገባ እየወጣ አንቺም አትሰሚም፣ እሱም ይደናገራል። ለእያንዳንዱ አርባ ደቂቃ ያህል ያዢለትና በተለያየ ሰዓት ጥሪያቸው። በር ላይ ተሰልፈው ሲጠባበቁ የመጀመሪያው ጥያቄውን ሁሉ ለኋለኞቹ ይነግራቸዋል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገርሽ። በኛ አገር ልጁ ብቻውን ላይመጣ ይችላል። አጎት ወይም የንስሐ አባት ይዞ ይመጣል፤ አንቺ ስትጠይቂ እሳቸው ይመልሳሉ። «ልጄ ሥራ አይንቅም፣ ለእሱ እኔ አለሁ» ይላሉ። አታስቀይሚያቸው። ወንበር ውጪ አውጪላቸው፣ ቡና ይፍላላቸው፣ «አባቴ፣ ከልጁ ጋር ጥቂት ሒሳብ ልንሠራ ነው፤ ስንጨርስ እጠራዎታለሁ» በያቸው። ማንም አይቆጣም። ልጁም እሳቸው ሲወጡ አፉ ይፈታል።

ዝም ማለትንም እንደ ድክመት አትቁጠሪበት። ጎጃም ውስጥ በሥነ ሥርዓት ያደገ ልጅ ታላቁ ፊት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ዓይኑን ይሰብራል፣ «ጎበዝ ነኝ» ለማለት ያፍራል። ከተማ ያደገው ደግሞ ሳትጠይቂው ራሱን ያሞግሳል። ሁለቱም ስለ ሻጭነት ምንም አይነግሩሽም። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ስለ መንገዱና ስለ ትምህርቱ አጫውቺው፤ ለዚህ ጨዋታ ነጥብ አትስጪ።

አሁን ወደ ጥያቄው። «እንዲህ ቢሆን ምን ታደርጋለህ?» አትበይ። ሁሉም ሰው ትክክለኛውን መልስ መገመት ይችላል። «እንዲህ የሆነበትን ቀን ንገረኝ» በይ። ሱቅ ሠርቶ የሚያውቀውን ሒሳብ የጎደለበትን ቀን ጠይቂው። ሥራ አይቶ የማያውቀውንም በባዶ አትተዪው፤ እሱም ገንዘብ ነክቷል። ቤተሰቡ በርበሬ ወይም ድንች ገበያ ሲያወርድ ዋጋ የሚነጋገረው ማን ነበር? የክፍሉን መዋጮ ሰብስቦ ያውቃል? እናቱ ጠላ ወይም አረቄ ሲሸጡ ዱቤውን የሚይዘው ማን ነው? ከዚያ «ስንት ብር ነበር? ማን ነበር አብሮህ? ከዚያስ?» እያልሽ ተከተዪ። የሆነ ነገር ዝርዝር አለው፤ ሰውየው የብሩን መጠን፣ የሰዎቹን ጠባይ፣ የተቆጣውን ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ያልሆነ ነገር ሲሆን «እኔ ሁልጊዜ በጥንቃቄ ነው የምሠራው» ወደሚል አጠቃላይ ንግግር ይሸሻል። ሁለቴ ተከትለሽ ሁለቴ ከሸሸ፣ ታሪኩ የለም ማለት ነው።

የጎደለ ሒሳብ ጥያቄ ለኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሁለት ዓመት ሱቅ የሠራ ሰው «ጎድሎብኝ አያውቅም» ካለሽ፣ ወይ ሒሳብ አይቆጠርም ነበር፣ ወይ አይነግርሽም። «180 ብር ጎደለብኝ፣ ማታ ለባለቤቱ ነገርኩት፣ መልስ አብዝቼ ሰጥቼ ኖሯል» ያለሽን ግን ልብ በዪው። ባለቤቱ ጉድለቱን መጀመሪያ ከማን እንደሰማው ጠይቂ። ራሱ ነው የተናገረው ወይስ ባለቤቱ ነው ያገኘው? ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ወሬው እስከ ሃያ ደቂቃ ቢሄድ ይበቃል። ቀሪው የባንኮኒ ሙከራ ነው። ወንድምሽን ወይም የምታምኚውን ጎረቤት ደንበኛ አድርጊና አንድ ሽያጭ አሠሪው። እንዴት እንደሚሆን ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ሲቀጥር አብሬው ተቀምጬ ያየሁትን ልንገርሽ። ዋጋዎቹ ለሙከራው የተሰጡ ናቸው፤ አንቺ የራስሽን አስገቢ።

ለሁለቱም አመልካቾች አንድ ዓይነት ትእዛዝ ተሰጠ። ቆርቆሮ አንዱ 850 ብር፣ የቆርቆሮ ሚስማር ኪሎው 240 ብር። «ከ200 ብር በላይ ቅናሽ ያለ እኔ ፈቃድ አይሰጥም። ደንበኛው በቴሌብር ቢከፍል የሱቁ ስልክ ይኸውልህ» ተባሉ። ከዚያ የባለቤቱ ወንድም ገበሬ ሆኖ ገባ። 14 ቆርቆሮና ሁለት ኪሎ ተኩል ሚስማር ፈለገ። ሒሳቡ 11,900 እና 600፣ በድምሩ 12,500 ነው። ትንሽ ተከራክሮ «500 ቀንስልኝ» አለ። ቀጥሎ የራሱን ስልክ አውጥቶ «ገንዘቡን ልኬልሃለሁ፣ እየው» ብሎ ስክሪኑን አሳየ። በሱቁ ስልክ ላይ ግን ምንም አልገባም።

የመጀመሪያው አመልካች ባሕር ዳር ሱቅ ሠርቷል። አነጋገሩ ማር ነው። 12,500ን በቃሉ ደመረ፣ ልክ ነበር። ቅናሹን ሲጠየቅ «አንተማ ቤተኛ ነህ» ብሎ 500ውን ቀነሰ። ስክሪኑን ሲያይ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ቆርቆሮውን ቆጥሮ ሊያስረክብ ተነሣ።

ሁለተኛዋ ከቴክኒክና ሙያ በሒሳብ አያያዝ የወጣች ልጅ ናት። ሥራ አይታ አታውቅም። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሚስማሩን በሁለት ኪሎ አሰበችውና 480 ጻፈች፤ ለደንበኛው መልሳ ስታነብለት ስሕተቷን ራሷ አገኘችው። ቅናሹ ላይ «ከ200 በላይ አልችልም፤ ጋሼን ልጠይቅልዎት» አለች። ስክሪኑን አየችና የሱቁን ስልክ አነሣች። «እዚህ አልገባም፤ እስኪገባ ዕቃውን እናዘጋጅ» ብላ ቆመች።

ሻጭ ሁሉ ማወቅ ያለበት ይህን ነው። የተላከ መስሎ የሚታይ ስክሪን በቀላሉ ይሠራል፤ የድሮ መልእክት ሊሆን ይችላል፣ ለሌላ ሰው የተላከም ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ገባ የሚባለው በሱቁ ስልክ ወይም በሱቁ ሒሳብ ላይ ሲታይ ብቻ ነው።

ባለቤቱ ግን አሁንም ልቡ ከመጀመሪያው ጋር ነበር። «ደንበኛ የሚይዘው እንዲህ ያለ አፍ ነው» አለኝ። እኔም «እንግዲያው ስሕተቱን ንገረውና ይድገመው» አልኩት። ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሙከራው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ሰው ሲታረም ምን እንደሚሆን ታያለሽ። ነገረውና ሌላ ደንበኛ መጣ። በዚህኛው ዙር የሱቁን ስልክ አየ። ጥሩ ነው፤ ያኛው ያለማወቅ ነበር፣ በአንድ ደቂቃ ተማረው። ቅናሹን ግን አሁንም ከተፈቀደው በላይ ሰጠ። «ሽያጩ እንዳይሄድብን ብዬ ነው» አለ። ደንቡን ሁለቴ ሰምቶ ሁለቴ አለፈው። ባለቤቱ ያኔ ዝም አለ፤ በማግስቱ ልጅቱን ቀጠረ። እውነቱን ለመናገር ልጅቱ የሚስማርና የቧንቧ ቁጥሮችን ለመለየት ብዙ ጊዜ ፈጅቶባታል፤ ደንበኛም ያማረረባት ቀን አለ። ግን ያ የሚማሩት ነገር ነው።

ይህ ሙከራ ስርቆትን አያሳይም። ያንን አትጠብቂበት። የሚያሳይሽ ባለቤት በሌለበት የባለቤትን ቃል የሚጠብቅ ሰው መሆኑንና ስሕተቱን የሚመለከትበትን መንገድ ነው። ባሕር ዳር ስትሄጂ የሚያስፈልግሽም ይኸው ነው። ሙከራው ከአርባ ደቂቃው እንዳያልፍ። «ለሳምንት በነፃ ሥራና እንይህ» የሚሉ አሉ፤ አታድርጊው። ሙሉ ቀን ካሠራሽው የቀኑን ክፈዪው።

እያንዳንዱ እንደወጣ፣ ሌላው ከመግባቱ በፊት፣ ያየሽውን ጻፊ። ለሒሳቡ፣ ለገንዘብ ጥንቃቄው፣ ደንበኛን ለያዘበት ሁኔታና ለታሪኮቹ ዝርዝር ከሦስት እየሰጠሽ ነጥቡን አስቀምጪ። ከጎኑ የተናገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር በራሱ ቃል ጻፊ። ማታ ላይ ሁሉንም አንድ ላይ አስታውሳለሁ ካልሽ፣ የምታስታውሺው የመጨረሻውን ሰውና ያሣቀሽን ሰው ብቻ ነው።

የማትጠይቂያቸው ነገሮችም አሉ። «የማን ልጅ ነህ?» በኛ ዘንድ ሰላምታ ማለት ነው፤ ከአፍሽ ቢያመልጥ አልፈርድብሽም። ግን መልሱን ነጥብ አታድርጊው። አባቱን ማወቅሽ ልጁንም የምታውቂው እንዲመስልሽ ያደርጋል፤ ያኔ ጥያቄውን ትተሽ ጨዋታ ትጀምሪያለሽ። ሃይማኖት፣ ብሔር፣ «መቼ ታገቢያለሽ?»፣ «ነፍሰ ጡር ነሽ?» የሚሉት ከሥራው ጋር አይገናኙም። ሕጉም በእነዚህ ምክንያቶች ሰውን ከሰው መለየትን ይከለክላል። ከነዚህ ጀርባ እውነተኛ ጭንቀት ካለሽ፣ ጭንቀቱን ራሱን ጠይቂ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ እንዳይዘጋ ፈርተሽ ከሆነ፣ «ቅዳሜ ሙሉ ቀን ክፍት ነን፣ እሑድ ዕረፍት ነው፤ ይመችሃል?» በይ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጠይቂ።

አሁን የአክስትሽ ጎረቤት ልጅ። እሱን ከሌሎቹ ጋር እኩል ጥሪው፣ ያንኑ ሽያጭ አሠሪው። ለአክስትሽ ግን ከፈተናው በፊት ሄደሽ ንገሪያት፤ «አራት ሰው ነው የምፈትነው፣ ሁሉም ያንኑ ሒሳብ ነው የሚሠሩት» በያት። ከፈተናው በኋላ ብትነግሪያት ሰበብ ይመስላል። አንድ ሌላ ነገር ራስሽን ጠይቂ፤ ይህን ልጅ ባጠፋ ቀን ላሰናብተው እችላለሁ? በይሉኝታ የማታሰናብቺው ከሆነ፣ አንደኛ ቢወጣም ደግመሽ አስቢ።

አንዱን ስትመርጪ ሠርቶበት ለነበረው ሰው ደውዪ። «ልጁ እንዴት ነው?» ካልሽ «ደህና ልጅ ነው፣ እግዜር ይባርከው» ነው የሚሉሽ። እንጀራ ላለመዝጋት ማንም ክፉ አይናገርም። ስለዚህ አስተያየት አትጠይቂ፤ የሆነውን ጠይቂ። ከመቼ እስከ መቼ ሠራ? ቁልፍ ይይዝ ነበር? ሒሳብ በየቀኑ ይቆጠር ነበር? ለምን ወጣ? በመጨረሻ «ዛሬ ቦታ ቢኖርዎት መልሰው ይወስዱታል?» በይና ዝም በዪ። «በደንብ እንጂ!» እና «እ... እሱማ ደህና ልጅ ነው» የሚሉት ሁለቱ መልሶች ልዩነታቸው ይሰማሻል። ልጁ የነገረሽ ጊዜና ባለቤቱ የነገሩሽ ጊዜ ካልገጠሙም ልጁን መልሰሽ ጠይቂው፤ አንዳንዴ የሚረሱት ባለቤቱ ናቸው።

ተያዥ መጠየቅሽ አይቀርም፤ የሁሉም ሱቅ ልማድ ነው። ከጠየቅሽ በሥርዓቱ ይሁን። የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅም በቁጥር መጻፍ አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ከፍተኛው ልክ ያልተጻፈበት ዋስትና ዋጋ የለውም። «ለሚያጠፋው ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ብሎ የፈረመ ተያዥ ፍርድ ቤት ስትደርሺ ላይገኝልሽ ይችላል ማለት ነው። የትምህርት ማስረጃውን ዋናውን እዪና መልሺለት፤ ኮፒው ይበቃሻል። ዋናውን መያዣ አድርገው የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፤ ሌባን አያስቆምም፣ ደህናውን ልጅ ግን ያስቀይማል።

የመረጥሽውን ሰው ሥራ ከማስጀመርሽ በፊት የሙከራ ጊዜውን በጽሑፍ አድርጊው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ አሥር ሳምንት ነው። ድሮ 45 ቀን ነበር፤ የቆየ የውል ፎርም ከጓደኛ ብትቀበዪ ይህን አስተካክዪ። በዚህ ጊዜ ለሥራው እንደማይሆን ካየሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ትችያለሽ፤ እሱም እንዲሁ መውጣት ይችላል። በቃል ብቻ «ለሙከራ ነው» ካልሽው ግን የሙከራ ጊዜ የለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደማንኛውም ቋሚ ሠራተኛ ይቆጠራል። ብዙ ትንንሽ ነጋዴ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። ወረቀቱ ላይ የሥራውን ዓይነት፣ ቦታውን፣ ደመወዙንና የሚከፈልበትን ቀን፣ የሙከራውን መጀመሪያና መጨረሻ ጻፊ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ አንድ ቅጂ ስጪው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባሕር ዳር አትሂጂ። ሱቅ ውስጥ አብረሽው ቁሚ፤ ማታ ማታ ከመዝገቡ ጋር አብራችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ለግማሽ ቀን ተለዪው፤ ቀጥሎ ለአንድ ቀን። ያልመረጥሻቸውንም ደውለሽ ንገሪያቸው። ፍኖተ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገ ደንበኛሽ ሆነው ይመጣሉ። ሁለተኛ የወጣውን ሰው ስልክ ደግሞ ሙከራው እስኪያልቅ ድረስ አትጣዪው።